አከራዬ ጉድጓዱን አላስመጥጥም ብለዋል፤ ኪራዩን ልያዝ ወይስ ልውጣ?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር፣ በሽምብጥ አካባቢ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ውላችን ከጥር 1 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ሲሆን በእጅ የተጻፈና ሁለት ምስክሮች የፈረሙበት ነው። ኪራዩ በወር 6,000 ብር ነው፤ በየሁለት ወሩ ቀድሜ እከፍላለሁ፤ እስከ ነሐሴ 30 ከፍያለሁ። የአንድ ወር ማስያዣም በእጃቸው አለ። ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ የጋራ መጸዳጃው ሞልቶ ፍሳሹ በኋለኛው ክፍል ግድግዳ ሥር ይወጣል። የግቢው የውሃ ጉድጓድም ሸትቷል። የሁለት ዓመት ልጄ ሁለት ጊዜ ተቅማጥ ይዟት ጤና ጣቢያ ወስጃታለሁ። አከራያችን አዛውንት እናት ናቸው፤ እዚያው ግቢ ይኖራሉ። ስነግራቸው ‹ክረምት ነው፣ ሲወጣ ይደርቃል፤ ካልተስማማህ ውጣ› አሉኝ። ደግሜ ስናገር ወደ እኛ የሚመጣውን ቧንቧ ዘጉት። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ‹ኪራይ አትክፈል› ይለኛል። ልክ ነው? ብወጣስ? ውሉ ከዓመት በፊት የወጣ ማስያዣው አይመለስለትም ይላል።»

ምላሽ፦

ወንድምዎ ያለበት አገር ሕግ ወንድምዎን አላሳሳተም። እ.ኤ.አ. በ1970 የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ አከራይ ቤቱን ለመኖሪያ ብቁ አድርጎ ካልጠበቀ ተከራዩ ይህን ለኪራይ ክስ መከላከያ አድርጎ ማቅረብ ይችላል ብሎ ከወሰነ ወዲህ አብዛኞቹ ግዛቶች ያንኑ መንገድ ተከትለዋል። ከዚያ በፊትም አከራዩ በቃል ሳይሆን በሥራው ቤቱን የማይኖርበት ካደረገው፣ ተከራዩን እንዳስወጣው ይቆጠራል የሚል የቆየ ደንብ ነበራቸው። ነገር ግን ይህ የቆየ ደንብ ተከራዩ በእርግጥ ወጥቶ እንዲገኝ ይጠይቃል፤ ቤቱ አይኖርበትም እያለ እዚያው ለወራት የሚቀመጥ ሰው አይታመንለትም። አዲሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ዳኛው የተያዘው ኪራይ ፍርድ ቤት እንዲገባ ያዛል። ኪራዩን ኪስ ውስጥ አስቀምጦ መኖር እዚያም ቀላል ነገር አይደለም።

የእኛ ፍትሐ ብሔር ሕግ እነዚህን ደንቦች በዚህ መልክ አያውቅም። ጉዳዩን የሚይዘው በሌላ በር ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይ ከአንቀጽ 2896 ጀምሮ፣ የቤት ኪራይ ደግሞ በተለይ ከ2945 ጀምሮ ተደንግጓል። በዚያ መሠረት አከራይ ቤቱን ለታሰበለት አገልግሎት በሚበቃ ሁኔታ ያስረክባል፤ በውሉ ዘመን ሁሉ በዚያው ሁኔታ ይጠብቀዋል፤ ተከራዩም ያለ ሁከት እንዲገለገልበት ያደርጋል። እነዚህን ሳይፈጽም ሲቀር ለሁሉም ውል የሚሠራው አንቀጽ 1771 ይመጣል፦ እንዲፈጸም ማስገደድ ወይም ውሉን መሰረዝ፣ በሁለቱም ላይ ካሳ መጠየቅ። የእርስዎ ጥያቄ ሁሉ የሚፈታው በዚህ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ግን ቤቱ በእርግጥ የማይኖርበት ነው ወይ? የማይመች ቤትና የማይኖርበት ቤት ይለያያሉ። ኮርኒሱ በአንድ ማዕዘን ቢያንጠባጥብ፣ የበር እጀታ ቢሰበር፣ ቀለሙ ቢላጥ የጥገና ጉዳይ ነው፤ ከእነዚህ ጥቂቶቹ እንዲያውም የተከራዩ ድርሻ ናቸው። መብራት በከተማው ሁሉ ቢጠፋ አከራይዋን የሚመለከት ነገር የለም። የእርስዎ ግን ከዚህ ይለያል። የሰው ፍሳሽ በመኝታ ክፍል ግድግዳ ሥር ሲወጣና ውሃ የሚቀዳበትን ጉድጓድ ሲነካ፣ ከሁለት ክፍሎች አንዱ ሲዘጋ፣ ልጅ ስትታመም፣ በዚህ ላይ ቧንቧ ሲቆረጥ፣ ነገሩ የውሉን ዋና ዓላማ ይነካል። አንቀጽ 1785 ዳኛ ውል የሚሰርዘው የውሉ መሠረታዊ ነገር ሲጣስ ነው ይላል፤ ይህ ከዚያ ይገባል።

«ሲወጣ ይደርቃል» ለሚለው መልስ ይኑርዎት፤ የሽምብጥን መሬት ለሚያውቅ ሰው ይህ አባባል ብዙ አያስኬድም። ከተማችን ሐይቁ ዳር የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ በክረምት የከርሰ ምድር ውሃ እስከ ላይ ይወጣል። የጣና ውሃ ከፍታ ደግሞ ጣሪያውን የሚነካው ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ስለዚህ ያልተገነባ ጉድጓድ መስከረም ሲጠባ አይደርቅም፤ ብዙ ጊዜ ያኔ ይብሳል። መምጠጫ መኪና ቢያስመጡ እንኳ የተመጠጠውን ያህል ውሃ ከግድግዳው ሰርጎ ይገባል። ዘላቂው መፍትሔ ጉድጓዱን በሲሚንቶ መገንባት ወይም ማዛወር ነው። የጤና ባለሙያዎች መጸዳጃ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ ይላሉ። አሥር በሃያ የሆነ የ200 ካሬ ግቢ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 22 ሜትር ገደማ ነው፤ በእንዲህ ያለ ግቢ ርቀቱን ማግኘት ጨርሶ አይቻልም። ይህን የምነግርዎ ሊከራከሩ እንጂ ሊያስፈሩ አይደለም፦ ዳኛ ፊት «ጊዜያዊ የክረምት ችግር ነው» ሲባል የሚመልሱት ይኖርዎታል።

አሁን ወደ ኪራዩ። ቀጣዩ ክፍያ መስከረም 1 ነው፤ ያልተከፈለ ዕዳ የለብዎትም፤ እሱን ይጠብቁት። ኪራይ ያልከፈለ ተከራይ የአከራይን ሥራ ያቀልላል። ሕጉ ለአከራይ አጭር መንገድ ሰጥቷል፦ ኪራይ ሲዘገይ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ውሉ የአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 30 ቀን፣ ከዚያ ካነሰ 15 ቀን ይጠብቃል፤ ካልተከፈለ ውሉን ያቋርጣል። ያን ጊዜ ክርክሩ ስለ መጸዳጃ መሆኑ ቀርቶ ስለ እርስዎ ዕዳ ይሆናል። ከሣሽ መሆን የሚገባው ሰው ተከሣሽ ሆኖ ይቆማል። በችሎት ደጋግሜ ያየሁት ነው፤ ፍሳሹን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በእጁ ይዞ ስለ ሦስት ወር ዕዳ ብቻ ሲጠየቅ የሚውል ሰው ያሳዝናል።

ታዲያ መያዝ ፈጽሞ አይቻልም ማለት ነው? አይደለም። በአንቀጽ 1757 መሠረት ፈጽምልኝ ብሎ የሚጠይቅ ወገን የራሱን ግዴታ የፈጸመ ወይም ለመፈጸም ዝግጁ የሆነ መሆን አለበት። ስለዚህ አከራይዋ ኪራይ ብለው ቢከሱዎት «ቤቱን ለመኖሪያ ብቁ አላደረጉልኝም» ብለው መከላከል ይችላሉ። ችግሩ ሚዛኑ ነው። ከሁለት ክፍሎች በአንዱ እየኖሩ ሙሉ ኪራይ መከልከል ተመጣጣኝ አይሆንም። ሊይዙ የሚችሉት ቤቱ ያጣውን አገልግሎት ያህል ነው፤ ያንን መጠን ደግሞ የሚያውቀው ዳኛው እንጂ እርስዎ አይደሉም። ጉዳዩ እስከ መስከረም ካልተፈታና እዚያው ከቆዩ፣ ክስ መሥርተው ኪራዩ በፍርድ ቤት እንዲቀመጥ ይጠይቁ። ገንዘቡ በእጅዎ እንደሌለና ለመክፈል ዝግጁ እንደሆኑ ያኔ ይታያል፤ የማስጠንቀቂያውም ስለት ይደነዝዛል።

«እኔው አስመጥጬ ከኪራይ ልቀንስ» የሚሉም ብዙ ናቸው። ሰውኛ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን አንቀጽ 1777 ሌላው ሊፈጽመው የሚገባውን ሥራ በእሱ ወጪ ለማሠራት የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል። ዕዳን በዕዳ ማቻቻልም የሚሠራው ሁለቱም ገንዘቦች መጠናቸው የታወቀና ጊዜያቸው የደረሰ ሲሆን ነው። አከራይዋ ያልተስማሙበት የመምጠጫ ወጪ እንዲህ ያለ ዕዳ አይደለም። በአንዲት ወረቀት «አስመጥጠህ ከኪራይ ቀንስ» ብለው ከፈረሙ ግን ነገሩ ሁሉ ይቀልላል። ይህን መጠየቅ ይሞክሩ፤ አዛውንት እናት ሲባሉ የሚከብዳቸው ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ፈልጎ ማውጣት እንጂ ሥራው አይደለም።

አሁን ዋናው። እስካሁን ያደረጉት ሁሉ በቃል ነው። አንቀጽ 1772 ደግሞ ማንም ወገን ሌላው ውሉን አልፈጸመም ብሎ መብት ከመጠየቁ በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት ይላል። እርስዎ «ውጣ ብለውኛል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል» ይሉ ይሆናል። ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች የሚዘረዝረው አንቀጽ 1775 ግን ግዴታውን አልፈጽምም ያለው ወገን ይህንን በጽሑፍ ማሳወቁን ይጠይቃል። በግቢ ውስጥ በቃል የተባለ «ውጣ» አይበቃም። ስለዚህ ይጻፉ። ጽሑፉ ብዙ ንባብ አያስፈልገውም፤ ለምሳሌ ይህን ያህል ይበቃል፦

«ቀን፣ ነሐሴ 5። ለአከራዬ። በጥር 1 ውል የተከራየሁት ቤት መጸዳጃ ጉድጓድ ከሐምሌ 15 ጀምሮ ሞልቶ ፍሳሹ በኋለኛው ክፍል ግድግዳ ሥር እየወጣ ነው። የግቢው የውሃ ጉድጓድም ተበክሏል። ነሐሴ 2 ደግሞ የቤታችን ቧንቧ ተዘግቷል። ጉድጓዱ እንዲመጠጥና ፍሳሹ እንዲቆም፣ ውሃውም እንዲለቀቅ እስከ ነሐሴ 10 ድረስ እንዲያስፈጽሙልኝ እጠይቃለሁ። ይህ ካልሆነ ውሉን የሰረዝኩ መሆኔን በማሳወቅ ቤቱን እለቅቃለሁ፤ ማስያዣዬን፣ ያልኖርኩበትን ቀን ኪራይና የደረሰብኝን ጉዳትም እጠይቃለሁ።»

አምስት ቀን ለምን? ማስጠንቀቂያው የሚሰጠው ጊዜ እንደ ነገሩ ሁኔታ ተገቢ መሆን አለበት። መምጠጫ መኪና በቀጠሮ በጥቂት ቀናት ይመጣል፤ ቧንቧ ለመክፈት ደግሞ እጅ ብቻ ይበቃል። ጉድጓዱን አዲስ ይሥሩ ብለው ቢጠይቁ ግን አምስት ቀን ይነቀፋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ደብዳቤ የሚጠይቁት አስቸኳዩን ብቻ ይሁን።

ሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን ይስጡ፤ በሌላው ላይ አከራይዋ «ተቀብያለሁ» ብለው ይፈርሙ። አልፈርምም ቢሉ አይቆጡ፤ ግቢው ውስጥ ያሉትን ተከራዮች ወይም የዕድርዎን ሁለት ሰዎች ይዘው በእነሱ ፊት ይስጡና እነዚያ «በዚህ ቀን በፊታችን ሰጥቷል» ብለው ይፈርሙ። ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት መላክም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሽምግልናው ውጤት ምን እንደሆነ በወረቀት ካልተቀመጠ የማስጠንቀቂያውን ቦታ አይተካም።

በዚያው ቀን ወደ ቀበሌዎ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይሂዱ። መጥተው ያዩትን በጽሑፍ እንዲሰጡዎ፣ የጉድጓዱ ውሃም ናሙና እንዲወሰድ ይጠይቁ። ልጅዎ የታከመችበትን የጤና ጣቢያ ካርድ ቅጂና የመድኃኒት ደረሰኞችን ያስቀምጡ። ፎቶግራፍ ሲያነሡ ፍሳሹ ከየት እንደሚወጣ፣ ከውሃው ጉድጓድ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚታይበት አድርገው፣ ቀኑ በስልኩ ላይ እንዲመዘገብ ያድርጉ። ከሐምሌ 15 ወዲህ በየቀኑ የሆነውን በደብተር የያዘ ሰው ችሎት ላይ ሲናገር አይደናገርም።

ነሐሴ 10 አልፎ ምንም ካልተደረገ፣ አንቀጽ 1787 በማስጠንቀቂያ የተሰጠው ጊዜ ሲያልፍ ውሉ ተሰርዟል ብሎ ማሳወቅን ይፈቅዳል። ይህ ለእርስዎ ትልቁ አንቀጽ ነው፤ ዳኛ ሳይጠብቁ የሚወጡበት በር እሱ ነው። ነገር ግን የኋላ ኋላ ዳኛው መሠረታዊ ጥሰት ነበር ወይ ብሎ ይመረምራል፤ ትንሽ ነገር ይዘው ቢወጡ ስረዛው ይፈርሳል፤ የቀረውን ኪራይም ሊጠየቁ ይችላሉ። ለዚህ ነው የጤና ባለሙያው ጽሑፍ ከመውጣትዎ በፊት በእጅዎ መኖር ያለበት።

ነሐሴ 11 ላይ የስረዛውን አጭር ደብዳቤ ከመጀመሪያው ጋር በሚመሳሰል መንገድ ይስጡ፤ ከዚያ አይቆዩ። በልጅዎ ጤና የሚከራከር ሰው ሁለት ወር ቢጨምር ራሱን ይቃረናል። ነሐሴ 20 ወጡ እንበል። ቤቱን ሲለቁ ሁለቱ ክፍሎች በምን ሁኔታ እንደተተዉ በምስክር ፊት ጽፈው ያስፈርሙ፤ የመብራት ቆጣሪውን ንባብ ይመዝግቡ፤ የሚቀርብዎትን የመብራት ድርሻ ይክፈሉ። ቁልፉን ለአከራይዋ ወይም እሳቸው በጽሑፍ ለወከሉት ሰው ይስጡ፤ በግቢው ለሚጫወት ልጅ ሰጥቶ መሄድ ኋላ «ቤቱን አላስረከበኝም፣ ኪራዩ ይቆጠራል» ያስብላል።

የሚጠይቁት ገንዘብ ቀላል ስሌት ነው። ኪራዩ በቀን 200 ብር ይደርሳል። ከነሐሴ 21 እስከ 30 ያልኖሩባቸው አሥር ቀናት 2,000 ብር፤ ማስያዣው 6,000 ብር። ከሐምሌ 15 እስከ ነሐሴ 20 ያሉት 36 ቀናት የቤቱን ግማሽ ያጡባቸው ስለሆኑ በቀን 100 ብር ቢጠይቁ 3,600 ብር ይሆናል። የዕቃ ማጓጓዣው 1,500፣ መድኃኒቱ 900 ብር ነው ብንል ድምሩ 14,000 ብር ነው። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጠንካሮች ናቸው። የመድኃኒቱ በደረሰኝና በሕመሙ መንስኤ ማስረጃ ላይ ይወሰናል፤ የሦስት ሺህ ስድስት መቶው ደግሞ የዳኛው ግምት ነው፤ ሊቀነስ ይችላል። ጳጉሜን ሲመጣ ቤት ይጠፋል ብለው ከተቻኮሉ አዲሱ ቤት ሲወደድ ልዩነቱን ሁሉ ከእሳቸው አገኛለሁ አይበሉ፤ የተጎዳ ሰው ጉዳቱን ለመቀነስ የሚችለውን ማድረግ አለበት።

«ከዓመት በፊት የወጣ ማስያዣው አይመለስለትም» የሚለው የውል ቃል የሚያስፈራዎት አይሁን። እሱ በራሱ ፈቃድ ለሚወጣ ሰው የተጻፈ ነው። አከራዩ ግዴታውን ባለመፈጸሙ ውሉ ሲሰረዝ ለማስያዣው መወረስ ምክንያት አይሆንም። ማስያዣ ተከራዩ ያጠፋውን ነገር መጠበቂያ ነው።

ስለ ቧንቧው አንድ ነገር ልጨምር፤ ከመጸዳጃው ይልቅ ለዳኛ የሚከብደው እሱ ነው። የመጸዳጃው ችግር ቸልተኝነት ነው፤ የቧንቧው ግን ሆን ተብሎ የተደረገ ሥራ ነው። ተከራይን በውሃ፣ በመብራት ወይም በቁልፍ ለውጥ ማስወጣት አይቻልም፤ ማስወጣት የፍርድ ቤት ሥራ ነው። ለመውጣት ከመወሰንዎ በፊት ውሃው እንዲለቀቅ ከፈለጉ፣ ከክሱ ጋር ጊዜያዊ እግድ ይጠይቁ። እግዱ ሕፃን ልጅ ባለችበት ቤት ውሃ ስለመቋረጡ ከሆነ በፍጥነት ይታያል።

ክሱን የት ያቀርባሉ? ከላይ ለጠቀስኩት ገንዘብ የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሥልጣን ይኑረው አይኑረው በመጠኑ ስለሚወሰን ከዚያ ይጀምሩና፣ ካልተቀበሉዎት ለወረዳ ፍርድ ቤት ያቅርቡ። ሁለተኛው ነገር፣ ውልዎ በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ተመዝግቦ ከሆነ የመዘገበው ጽሕፈት ቤት ዘንድም አቤቱታ ያቅርቡ። አዋጁ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራይም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። ባይመዘገብም እንኳ እስካሁን የከፈሉትን በባንክ ከፍለው ከነበረ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ በእጅ ከሰጡ ግን ከላይ በጠቀስኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ «እስከ ነሐሴ 30 የተከፈለ» ብለው አንድ መስመር ይጨምሩበት፤ አከራይዋ ሲፈርሙበት ደረሰኝ ይሆንልዎታል።